የባልኮኒው ጫፍ ስንት ይወርዳል? የካንቲሊቨር ዲፍሌክሽን በደብል ኢንተግሬሽን፣ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየተሠራ ነው እንበል። ከላይኛው መኝታ ክፍል ወደ መንገዱ 1.5 ሜትር የወጣ ባልኮኒ አለው። ከሥሩ ኮለን የለም። ሶሌታውን የያዘው ግድግዳው ላይ ያለው ቢም ብቻ ነው። ፑንቴሎው ሲነሳ ጫፉ ስንት ሚሊሜትር ይወርዳል?

ሲቪል የተማረ ሰው መልሱን በቃሉ ያውቀዋል፤ `wL^4/8EI` ነው። ችግሩ ቀመሩ የሚሠራው ግድግዳው ፍጹም የማይነቃነቅ ከሆነ ብቻ መሆኑ ነው። ቢሙ ትንሽ ከዞረ የተሸመደደው ቀመር ዝም ይላል። ከሥሩ ጀምሮ ማውጣት የሚችል ሰው ግን አንድ መስመር ብቻ ለውጦ መልሱን ያገኛል። ስለዚህ ከሥሩ እንሂድ። ጊዜ ወስደን የምናየው ባውንደሪ ኮንዲሽኖቹን ነው፤ ኢንተግሬሽኑ ራሱ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው።

1. ሥዕሉ እና መነሻ ነጥቡ

ወረቀት ላይ ግድግዳውን በግራ፣ ነፃውን ጫፍ በቀኝ አድርጉ። በሒሳቡ ውስጥ «ቢም» የምንለው ባልኮኒውን ራሱን ነው። x ከግድግዳው ይጀምርና ወደ ቀኝ ይቆጥራል። ግድግዳው ላይ x = 0፣ ጫፉ ላይ x = L ነው። y ወደ ላይ ፖዘቲቭ ይሁን። ጭነቱ w በየሜትሩ እኩል ነው፤ ወደ ታች ይጫናል።

ይህን ሳይጽፉ ወደ ሒሳቡ የሚገባ ሰው መሀል መንገድ ላይ ምልክት ይጠፋበታል። መነሻው የት እንደሆነ፣ ፖዘቲቩ ወዴት እንደሆነ ወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፍ።

2. የሞመንቱ ቀመር

ባልኮኒውን ከግድግዳው x ርቀት ላይ በሐሳብ ቁረጡት። አሁን ሁለት ቁራጭ አለን። የምናየው የቀኙን፣ ማለትም ነፃ ጫፍ ያለበትን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ በኩል ምንም ሪአክሽን የለም፤ ያለው ጭነቱ ብቻ ነው። የግራውን ብንይዝ የግድግዳውን ሪአክሽንና ሞመንት አስቀድመን ማስላት ግድ ይለን ነበር።

የቀኙ ቁራጭ ርዝመት L − x ነው። በላዩ ያለው ጠቅላላ ጭነት w(L − x) ነው። የጭነቱ መሀል ከተቆረጠበት ቦታ (L − x)/2 ይርቃል። ሁለቱን ስናባዛ፦

```
M(x) = -w(L - x)^2 / 2
```

ማይነሱ ከየት መጣ? ቢም ወደ ታች ሲረግብና ከሥሩ ሲሳብ ሞመንቱን ፖዘቲቭ እንላለን። ካንቲሊቨር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ጫፉ ይወርዳል፣ የላይኛው ፊት ይሳባል፣ የታችኛው ይጨመቃል። የባልኮኒ ዋና ፌሮ ከላይ የሚታሰረውም በዚሁ ማይነስ ምክንያት ነው። ሳይት ላይ ኮንክሪት ሲሞላ ሠራተኞች ፌሮው ላይ ይመላለሱና ወደ ታች ይረግጡታል። ያኔ ማይነሱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ቀመሩን በሁለቱ ጫፎች ፈትሹት። x = L ስናስገባ ዜሮ ይሰጣል፤ ነፃ ጫፍ ሞመንት ስለማይይዝ ልክ ነው። x = 0 ስናስገባ −wL²/2 ይሰጣል፤ ትልቁ ሞመንት ግድግዳው ላይ ነው። ሁለቱ ካልመጡ ወደፊት አትሂዱ።

3. አንደኛው ኢንተግሬሽን

መነሻ እኩልታችን ይህ ነው፦

```
EI y'' = M(x)
```

E የቁሱ ግትርነት ነው። I የመስቀለኛው ቅርጽ ጉብጠትን የመቋቋም አቅም ነው። y'' ደግሞ ቢሙ በዚያች ነጥብ ላይ ምን ያህል እንደተጠማዘዘ ይነግረናል። እኩልታው የሚሠራው ስሎፑ ትንሽ ሲሆን ነው። ለባልኮኒ ይህ አያሳስብም። EI ከግድግዳው እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት ነው ብለንም ወስደናል።

ቅንፉን ዘርግተን እንጻፈው፦

```
EI y'' = -(w/2)(L^2 - 2Lx + x^2)
```

አንድ ጊዜ ኢንተግሬት ስናደርግ ስሎፑ ይወጣል፦

```
EI y' = -(w/2)(L^2 x - L x^2 + x^3/3) + C1
```

4. ሁለተኛው ኢንተግሬሽን

```
EI y = -(w/2)(L^2 x^2/2 - L x^3/3 + x^4/12) + C1 x + C2
```

C1 አሁን x ይዞ እንደመጣ አስተውሉ። ብዙ ወረቀት ላይ C1 ብቻውን ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ኮንስታንቶች ተደምረው አንድ ይሆናሉ፣ አንደኛው ኮንዲሽን ደግሞ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል።

5. ባውንደሪ ኮንዲሽኖቹ

ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ስላደረግን ሁለት ያልታወቁ ኮንስታንቶች አሉን። ስለዚህ ስለ ቢሙ የምናውቃቸው ሁለት እውነቶች ያስፈልጉናል። እነዚህ ሁለቱም ያሉት ግድግዳው ላይ ነው።

የመጀመሪያው፣ ግድግዳው ላይ ቢሙ አይወርድም፤ y(0) = 0። ሁለተኛው፣ ግድግዳው ላይ ቢሙ አይዞርም፤ y'(0) = 0። ሁለተኛው ነው የካንቲሊቨር መለያ። በፒን የተያዘ ቢም ድጋፉ ላይ አይወርድም፣ ግን ይዞራል። ካንቲሊቨር መዞር ከተፈቀደለት ግን እንደ በር ወድቆ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል።

«ነፃው ጫፍ ላይስ ምንም አናውቅም?» የሚል ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይነሳል። እናውቃለን። እዚያ ሞመንቱም ሺሩም ዜሮ ናቸው። ግን ሁለቱን አስቀድመን ተጠቅመንባቸዋል። የቀኙን ቁራጭ ይዘን M(x)ን ስንጽፍ በጫፉ ምንም ነገር አለመኖሩን ሒሳቡ ውስጥ አስገብተናል። ከጭነቱ ጀምረን EI y'''' = −w ብለን አራት ጊዜ ኢንተግሬት ብናደርግ ኖሮ አራቱም ኮንዲሽኖች ያስፈልጉን ነበር። እዚህ ግን የጫፉን ሞመንት እንደ ሦስተኛ ኮንዲሽን ብታስገቡ 0 = 0 ብቻ ነው የምታገኙት። ስለ ጫፉ ማለት የማንችለውም አለ፤ እዚያ y ወይም y' ዜሮ ነው ማለት አይቻልም። የምንፈልገው መልስ እነሱ ናቸውና።

አሁን እናስገባ። x = 0 ሲሆን የስሎፑ እኩልታ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ C1 = 0 ይሆናል። በ y እኩልታም እንደዚሁ C2 = 0። ስናስተካክለው፦

```
y(x) = -w x^2 (6L^2 - 4Lx + x^2) / (24EI)
```

x = L ስናስገባ በቅንፍ ውስጥ 3L² ይቀራል። ጫፉ ላይ ያለው ይህ ነው፦

```
y(L)  = -wL^4 / (8EI)
y'(L) = -wL^3 / (6EI)
```

መነሻውን ከነፃው ጫፍ ብናደርገውስ?

ብዙ ሰው እንዲህ ማድረግ ይወዳል፤ የሞመንቱ ቀመር ስለሚያጥር ነው። ወጥመዱም ያለው እዚህ ነው። x አሁን ከጫፉ ወደ ግድግዳው ይቆጥራል፦

```
EI y'' = -w x^2 / 2
EI y'  = -w x^3 / 6  + C1
EI y   = -w x^4 / 24 + C1 x + C2
```

ቢሙ ያው ነው፣ ኮንዲሽኖቹም ያው ናቸው። ግን የሚጻፉበት ቦታ ተቀይሯል። ግድግዳው አሁን x = L ላይ ነው። ስለዚህ y'(L) = 0 እና y(L) = 0 ነው የምንለው። ከመጀመሪያው፦

```
C1 = wL^3 / 6
```

ይህን ወደ ሁለተኛው እናስገባ፦

```
0  = -wL^4/24 + wL^4/6 + C2
C2 = -wL^4 / 8
```

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። C2 የሚገኘው C1 ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ x = 0 ስናደርግ EI y = C2 ይቀራል። መልሱ በሙሉ C2 ራሱ ነው። የጫፉ ስሎፕም C1/EI ነው። ምልክቱ ፖዘቲቭ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። አሁን የምንጓዘው ከወረደው ጫፍ ወደ ግድግዳው ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ዳገት ነው።

ከመጀመሪያው መንገድ የለመደው እጅ እዚህም C1 = C2 = 0 ብሎ ቢያልፍስ? ጫፉ ላይ y = 0፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ y = −wL⁴/24EI ይወጣል። ማለትም ጫፉ አየር ላይ ቆሞ ግድግዳው ይወርዳል። ፈተና ላይ ተማሪው ቦታውን ሳያይ ትልቁን ቁጥር ይወስድና 1/24 ብሎ ይጽፋል። ይህ ከትክክለኛው መልስ አንድ ሦስተኛ ነው። በ8 ፈንታ 24 ያለበት መልስ ስታዩ ስህተቱ የት እንደተሠራ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ኮንስታንት ዜሮ የሚሆነው መነሻው ግድግዳው ላይ ስለሆነ ብቻም አይደለም። በመጀመሪያው መንገድ ቅንፉን ሳንዘረጋ ኢንተግሬት ብናደርግ EI y' = w(L − x)³/6 + C1 ይመጣል። x = 0 ስናስገባ C1 = −wL³/6 ነው፣ ዜሮ አይደለም። C2ም wL⁴/24 ይሆናል። መጨረሻው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አስገብቶ ማየት እንጂ መገመት አያዋጣም።

አሁን በቁጥር

ወደ ባልኮኒያችን እንመለስ። ከሶሌታው 1 ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ እንውሰድ። ውፍረቱ 150 ሚሊሜትር ነው። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 25 ኪሎኒውተን ስለሚመዝን የራሱ ክብደት 3.75 ይሆናል። ለሴራሚክና ለልስን 1.25 እንጨምር፤ ቋሚው ጭነት 5 ሆነ። ለሰውና ለዕቃ 3 እንያዝ። ጠቅላላ w = 8 ኪሎኒውተን በሜትር። E 30 ጊጋፓስካል ይሁን፤ ለሲ-25 ኮንክሪት ቅርብ ነው፣ ለእጅ ሒሳብም ይመቻል።

```
I  = 1 x 0.15^3 / 12    = 0.00028125 m^4
EI = 30e6 x 0.00028125  = 8437.5 kN.m^2
y  = 8 x 1.5^4 / (8 x 8437.5) = 0.0006 m
```

0.6 ሚሊሜትር። አብዛኛው ሰው ከዚህ ይበልጣል ብሎ ነው የሚጠብቀው። አሃዱን ግን ጠብቁ። ጊጋፓስካልን ወደ ኪሎኒውተን በሜትር ካሬ ስትቀይሩ 30 ወደ 30,000,000 ነው የሚሄደው። መልሳችሁ 0.6 ሜትር ወይም 0.0006 ሚሊሜትር ከሆነ የጠፋው ሦስት ዜሮ ነው፣ የጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ሌላ ፍተሻ እንጨምር። ጭነቱን በሙሉ፣ W = wL፣ ጫፉ ላይ ብናስቀምጠው የጫፉ ዲፍሌክሽን WL³/3EI ነው። የእኛ WL³/8EI ነው። ከዚያ ማነስ አለበት፣ አንሷልም። ጭነቱን መሀል ላይ ሰብስበን ብናስበውስ? ለግድግዳው ሞመንት ይህ ልክ ነው፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። ለዲፍሌክሽን ግን 5/48 ይሰጣል፤ ትክክለኛው 6/48 ነው። ከትክክለኛው አንድ ስድስተኛ ይጎድላል። ለሞመንት የሠራ አቋራጭ ለዲፍሌክሽን አይሠራም።

ባለቤቱ መጥቶ «ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ 1.8 ይሁን» ቢልስ? ርዝመቱ በ1.2 እጥፍ አደገ። አራት ጊዜ ሲባዛ 2.07 ነው። ዲፍሌክሽኑ 1.24 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ አሁንም ትንሽ ነው። ዋናው ነገር ሞመንቱ ነው፤ ከ9 ወደ 12.96 ኪሎኒውተን ሜትር ይዘላል። ከላይ ያለው የመሳብ ጫና ከ2.4 ወደ 3.46 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ሲ-25 ኮንክሪት በአማካይ 2.6 አካባቢ ላይ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ I ራሱ ይቀንሳል፣ የኛ 1.24 ቁጥርም ዋጋ የለውም። በ30 ሴንቲሜትር ነው ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው የተሻገርነው።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። ኮንክሪት ቋሚ ጭነት ተሸክሞ ዓመታት ሲቆይ ቀስ እያለ ይወርዳል። በተለምዶ የቋሚው ድርሻ ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በ1.5 ሜትሩ ባልኮኒ ከ0.6 ውስጥ 0.375 የቋሚው ጭነት ነው። በሦስት ስናባዛው 1.125፣ የሰዉን 0.225 ስንጨምር 1.35 ሚሊሜትር ነው።

ግድግዳው ሲዞር

እስካሁን y'(0) = 0 ብለናል። ሳይት ላይ ግን ሶሌታው የተያዘው በቢም ነው። ከውስጥ በኩል የሚመጣጠን ሶሌታ ከሌለ፣ ለምሳሌ ከኋላው የደረጃ ክፍተት ካለ፣ ቢሙ በባልኮኒው ሞመንት ይጠመዘዛል። ያን ጊዜ ኮንዲሽኑ እንዲህ ይሆናል፦

```
y(0)  = 0
y'(0) = -θ
```

ከላይ የሠራነው አንድም መስመር አይበላሽም። C1 ብቻ ከዜሮ ወደ −EIθ ይቀየራል፣ C2 ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ፦

```
y(x) = -w x^2 (6L^2 - 4Lx + x^2)/(24EI) - θx
```

θ 0.002 ራዲያን ብቻ ይሁን፤ በዓይን አይታይም። ጫፉ ላይ 0.002 × 1.5 = 3 ሚሊሜትር ይጨምራል። ባልኮኒው ራሱ ከጎበጠው አምስት እጥፍ ማለት ነው። «ሒሳቡ 0.6 ብሎ ሳይቱ ላይ 3.6 ወረደ» ሲባል ጣት ወደ ኮንክሪቱ ከመቀሰሩ በፊት ይህን ኮንዲሽን ማየት ይገባል።

ፑንቴሎ ሲነሳ መለካት ካሰባችሁ አነሳሱንም አስተካክሉ። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ከየት በኩል እንጀምር?» ካለ መልሱ «ከጫፉ፣ ጋሼ፤ ወደ ግድግዳው እየመጣችሁ» ነው። ከግድግዳው በኩል ከተጀመረ ሶሌታው ለጊዜው በግድግዳውና በጫፉ ፑንቴሎ መካከል የተንጠለጠለ ቢም ይሆናል። ከሥሩ ይሳባል፣ ዋናው ፌሮ ግን ከላይ ነው ያለው።

ለልኬቱ ሲባጎ አይበቃም፤ ዳያል ጌጅ ያስፈልጋል። ሁለት አድርጉ፤ አንዱ ጫፉ ላይ፣ ሌላው መሀል ላይ ይሁን። ለምን ሁለት? ቀመሩ ውስጥ x = L/2 አስገቡ። ግድግዳው ካልዞረ መሀሉ የሚወርደው የጫፉን 35 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። መዞር ብቻ ቢሆን ግን ሶሌታው ቀጥ እንዳለ ያዘነብላል፤ መሀሉ የጫፉን 50 ከመቶ ይወርዳል። በምሳሌያችን ጫፉ 3.6፣ መሀሉ 0.21 + 1.5 = 1.71 ሚሊሜትር ነው። ይህ 47 ከመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው የመጣው ከመዞር ነው። የአንድ ጌጅ ንባብ ብቻ ይህን አይለይም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሶሌታው ግድግዳው ሥር ከላይ በኩል ከተሰነጠቀ ጉብጠቱ እዚያው ስለሚሰበሰብ መሀሉ የሚወርደው ወደ ጫፉ 50 ከመቶ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት፣ ፑንቴሎው በተነሳ ማግስት፣ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን የላይኛውን መስመር በውኃ አርጥባችሁ ሲደርቅ እዩት። ስንጥቅ ካለ ውኃው እዚያ መስመር ላይ ዘግይቶ ይደርቃል። ከሌለ ቢሙን ጠርጥሩ።